ቋሚ ድንጋዮችና የፀሐይ መመለሻ፦ አንድ የድንጋይ ክብ የዘመን መቁጠሪያ መሆኑን በምን እናውቃለን?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሳችን ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች በክብ ያቆሟቸውን ድንጋዮች ይመለከታል። እነዚህ ሰዎች ድንጋዮቹን ያቆሙት የፀሐይን መመለሻና የወቅቶችን መለዋወጥ ለማወቅ ነበር ይባላል። የምናገርላቸው ድንጋዮች በጎጃም የቆሙ አይደሉም፤ አንዱ ሥፍራ በደቡባዊ ግብፅ በረሃ፣ ሌላው በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ይገኛል። ነገሩን የምንመረምርበትን ሚዛን ግን ከዚሁ ከራሳችን አድማስ እንወስዳለን። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ድንጋይ ከሰማይ ጋር ገጠመ ሲባል፣ መግጠሙ በታሰበበት ሥራ ይሁን በአጋጣሚ በምን ለይተን እናውቃለን?

ፀሐይ በፍኖተ ሰላም አድማስ ላይ

ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንላለን። በትክክል በምሥራቅ የምትወጣው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመስከረም 12 እና በመጋቢት 11 ገደማ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የመውጫዋ ቦታ በአድማሱ ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአንድ ኬክሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ሰኔ 14 አካባቢ ከሰሜን ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ስንቆጥር በ66 ዲግሪ፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ በ114 ዲግሪ ትወጣለች። ጠቅላላ መመላለሻዋ 48 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ጫፎች የሥነ ፈለክ ሰዎች ሶልስቲስ ይሏቸዋል፤ እኔ ዛሬ የፀሐይ መመለሻ እላቸዋለሁ፤ ፀሐይ እዚያ ደርሳ ወደ ኋላ ትመለሳለችና።

ለድንጋይ አቋሚው የመጀመሪያው ችግር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በመመለሻዋ ላይ የቆመች ትመስላለች። በመጋቢትና በመስከረም የመውጫዋ ቦታ በቀን 0.4 ዲግሪ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ይህም የራሷን ስፋት ግማሽ ይበልጣል። ከመመለሻው በፊት ባሉት ዐሥር ቀናትና በኋላ ባሉት ዐሥር ቀናት ግን፣ በሃያው ቀን ሁሉ ተደምሮ፣ የራሷን ስፋት እንኳ አትርቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ታኅሣሥ 12 ማለዳ ተነሥቶ ፀሐይዋ በድንጋዩ ጫፍ ላይ ስትወጣ ቢያያት፣ ታኅሣሥ 5 ወይም 19 ቀን ካየው የሚለይበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ድንጋይ ብቻውን የመመለሻውን ቀን አይነግርም።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ጽሕፈትም ብረትም አይጠይቅም። አንድ ሰው በቡሬ ሜዳ ላይ ቋሚ መመልከቻ ይምረጥ፤ ከዚያ በምሥራቅ በኩል 20 ሜትር ርቆ ድንጋይ ያቁም። ኅዳር 2 ቀን ፀሐይ በ108 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ እየሄደች ትወጣለች፤ ድንጋዩ በዚያ ማለዳ ከመውጫዋ ጋር እንዲገጥም ይተከል። በእነዚያ ቀናት የመውጫዋ ቦታ በየቀኑ ሩብ ዲግሪ ያህል ስለሚሸሽ፣ በ20 ሜትር ርቀት ላይ በቀን 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዓይን ይህን ይለያል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በየማለዳው አንድ ጠጠር ያኖራል። ፀሐይ ደቡብ ደርሳ ተመልሳ በዚያው ድንጋይ ላይ የምትወጣው ጥር 22 ገደማ ነው። የተጠራቀሙት ጠጠሮች 80 ይሆናሉ፤ ግማሹ 40 ነው፤ ከኅዳር 2 ተነሥቶ አርባ ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 12 ላይ ያርፋል። ስህተቱ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። በሚቀጥለው ዓመት ፀሐይ ድንጋዩን ስትነካ አርባ ጠጠር መቁጠር ይበቃዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ፣ ጠቃሚው ድንጋይ በመመለሻው ጫፍ ላይ የቆመው ሳይሆን ከጫፉ ገባ ብሎ ፀሐይ በምትፈጥንበት ሥፍራ የቆመው ነው። ሁለተኛ፣ የምሳሌዬ ቀኖች ከኅዳር እስከ ጥር የሆኑት ሆን ብዬ ነው። የሰኔው መመለሻ በእኛ ሀገር በደመና ውስጥ ያልፋል፤ የግንቦቱን መነሻ ያየ ሰው የሐምሌውን መድረሻ ሊያይ አይችልም። በጎጃም የአድማስ ዘመን መቁጠሪያ ቢኖር ኖሮ የበጋ ሥራ በሆነ ነበር።

በሮቹ እኩል መሆን የለባቸውም

አሁን አንድ ድንጋይ ሳይሆን በርካታ ድንጋዮችን በቅስት ያቆመ ሰው እናስብ። ለዚህ ከራሳችን ሀገር መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ የለም። በመጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ይናገራል። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት በሮች በምዕራብ ተቈጥረዋል። ፀሐይ በየበሩ በአንድ ማለፊያ 30 ወይም 31 ቀን ትቆያለች፤ በጫፎቹ በሮች ግን ገብታ በዚያው ስለምትመለስ ሁለት ወር በተከታታይ ትወጣባቸዋለች።

ይህን ሒሳብ በፍኖተ ሰላም አድማስ ላይ እናውርደው። ከትክክለኛው ምሥራቅ እስከ ሰሜኑ መመለሻ 24 ዲግሪ ነው፤ ሦስት በሮች ይይዛል። ሦስቱን እኩል ብናደርጋቸው እያንዳንዱ 8 ዲግሪ ይሆናል። ፀሐይ ግን የመካከለኛውን በር በ20 ቀን ገደማ ትሻገራለች፤ በጫፉ በር ደግሞ ለመሄድና ለመመለስ 98 ቀን ያህል ትቆያለች። ስለዚህ እኩል በር ወር አይለካም። በእያንዳንዱ ማለፊያ አንድ ወር እንዲሆን ከተፈለገ የመካከለኛው በር 12 ዲግሪ፣ ተከታዩ 9 ዲግሪ፣ የጫፉ ደግሞ 3 ዲግሪ ብቻ መሆን አለበት። ድንጋዮቹ በምሥራቅ መሐል ተራርቀው፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጫፍ ሲጠጉ ተቀራርበው ይቆማሉ።

ለዛሬው ጥያቄያችን የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው። ድንጋዮች በክብ ዙሪያ በእኩል ርቀት ከቆሙ፣ ያ ክብ ሌላ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወራትን በፀሐይ መውጫ የሚቆጥር መሣሪያ ግን አይደለም። ርቀቶቹ በዚህ ሥርዓት ከተለዋወጡ ደግሞ ነገሩ በአጋጣሚ ሊሆን የማይችል ነውና ልንጠይቅ ይገባናል።

ሁለተኛውም ነገር ከኬክሮሳችን ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች ማለት ይቻላል። ከፊት ለፊታችን ያለው ኮረብታ አድማሱን በ3 ዲግሪ ቢያነሣው፣ የታኅሣሥ መውጫዋ በ0.6 ዲግሪ ብቻ ይዛወራል። ስቶንሄንጅ ባለበት በእንግሊዝ ኬክሮስ ግን ፀሐይ በጣም አግድማ ስለምትወጣ፣ ያው ኮረብታ መውጫዋን ከ4 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። በሐሩር ክልል የሚሠራ ተመራማሪ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሜዳውም ተራራውም ብዙ አያስተው።

ናብታ ፕላያ፦ ዝናብን የሚጠብቅ በር

ወደ መጀመሪያው ሥፍራ እንሂድ። ናብታ ፕላያ ከአቡ ሲምበል በስተ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በግብፅ ደቡባዊ በረሃ ይገኛል። ዛሬ ዝናብ አያውቀውም። ከሰባት ሺህ ዓመት በፊት ግን በየዓመቱ ክረምት ውኃ የሚቋጥር ጠፍ ሐይቅ ነበር፤ በዳርቻውም ከብት አርቢዎች ይሰፍሩ ነበር። ያን ሐይቅ የሚሞላው ዝናብ ከወዴት ይመጣ ነበር ቢባል፣ ዛሬ በእኛ ላይ የሚዘንበው ያው የክረምት ዝናብ ነበር። የዝናቡ ቀበቶ በዚያ ዘመን ከዛሬው ይልቅ ወደ ሰሜን ርቆ ይደርስ ነበርና። ከሰኔው መመለሻ በኋላ የሚመጣውን ደመና በመጠበቅ የናብታ እረኛና የጎጃም ገበሬ አንድ ናቸው።

በዚያ ሥፍራ በፍሬድ ዌንዶርፍ የተመራው የአርኪኦሎጂ ቡድን 4 ሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሽ የድንጋይ ክብ አገኘ። ድንጋዮቹ ባብዛኛው ትናንሽ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ግን አራት ጥንዶች ጎላ ብለው ትይዩ ቆመው በሮች ይሠራሉ። ሁለቱ በሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ያሳያሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ወደ 62 ዲግሪ ያመለክታሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ማልቪልና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ይህን አቅጣጫ ከሰኔው የፀሐይ መመለሻ ጋር አገናኙት። በዚያ ኬክሮስና በዚያ ዘመን ፀሐይ በመመለሻዋ ቀን በ63 ዲግሪ ገደማ ትወጣ ነበር። በአቅራቢያው ከተገኘ ምድጃ የተወሰደ ከሰል ከክርስቶስ ልደት በፊት 4800 ዓመት ገደማ የሚል ዕድሜ ሰጥቷል።

ይህ ማስረጃ ጥንካሬም ድካምም አለው፤ ሁለቱንም እንመዝን። ጥንካሬው የመስመሮቹ ማነስ ነው። ክቡ የሚያሳየን ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አንዱ ሰሜን፣ ሌላው የፀሐይ መመለሻ። አንድ ሰው ፈልጎ ፈልጎ ከመቶ መስመሮች መካከል የመረጠው አይደለም፤ ድንጋይ አቋሚዎቹ ራሳቸው በሮቹን ከሌሎቹ ድንጋዮች አልቀው ለይተውልናል። ከዚህም ሌላ ቀኑ ከሕይወታቸው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዝናቡ ከዚያ ቀን በኋላ ይጠበቃልና።

ድካሙ ግን ከመጠኑ ይነሣል። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ነው። የአንድ በር ክፍተት 40 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ከወዲያኛው ዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ ሰፊ መስኮት ይሆናል። ቀደም ሲል እንዳልነው ደግሞ ፀሐይ በመመለሻዋ አካባቢ 6 ዲግሪ ለመሄድ 40 ቀን ይፈጅባታል። እንዲህ ያለው በር ቀን ሊነግር አይችልም፤ ሊነግር የሚችለው ሰሞን ነው። ስለዚህ የናብታን ክብ ቀን ለይቶ የሚያሳይ የመለኪያ መሣሪያ አድርጎ መናገር ማጋነን ነው። የክረምቱ ሰሞን የሚከበርበት ሥፍራ ነበር ማለት ግን ከማስረጃው አይርቅም። ዕድሜውም ቢሆን የምድጃው ዕድሜ እንጂ የድንጋዮቹ መተከያ ቀን አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ናብታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 22.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ በሰኔው መመለሻ ሰሞን ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ትሆናለች፤ የቆመ ድንጋይም ጥላ አልባ ይሆናል። እኛም ጋ ይህ ይሆናል፤ ሚያዝያ 10 ገደማና ነሐሴ 19 ገደማ በቡሬ ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ካስማ ጥላ አይጥልም። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን ይወድቃል። አንድ ሜትር ካስማ ታኅሣሥ 12 ቀን 68 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሰኔ 14 ቀን ደግሞ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ጥላ ይጥላል። ወቅትን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው በዚህ ኬክሮስ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይበቃዋል፤ ክብ አያስፈልገውም። ክቡን ሌላ ምክንያት ሊያስቆመው እንደሚችል ይህ ያስታውሰናል።

ናሞራቱንጋ፦ ብዙ ድንጋይ፣ ብዙ መስመር

ሁለተኛው ሥፍራ ወደ ኢትዮጵያ ይበልጥ ይቀርባል፤ ታሪኩም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ስም ጋር ተያይዟል። በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ በካሎኮል አጠገብ የባዛልት ዓምዶች ቆመዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት 19 ዓምዶችን ለክተው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ዓምዶቹ ቦረናዎች ለዘመን ቆጠራ የሚጠቀሙባቸውን ሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች መውጫ ያመለክታሉ፤ የተተከሉትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ነው አሉ። ሐሳቡ ብዙ ሰው አስደሰተ፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ጥንታዊ የሥነ ፈለክ ዕውቀት በድንጋይ ተመስክሮ ተገኘ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሦስት በኩል ላላ። የመጀመሪያው ልኬቱ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሶፐር ሥፍራውን እንደገና ለክቶ፣ የቀድሞዎቹ አቅጣጫዎች ከእውነተኛው ሰሜን ሳይሆን ከኮምፓስ መግነጢሳዊ ሰሜን የተወሰዱ መሆናቸውን አመለከተ። ባዛልት ራሱ መግነጢስነት ያለው ድንጋይ ነው፤ ኮምፓስን ከጎኑ ማቅረብ መርፌውን ያሳስተዋል። በድንጋይ አጠገብ የሚለካ ተማሪ ሰሜንን ከፀሐይ ወይም ከኮከብ መውሰድ ያለበት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመስመሮቹ ብዛት ነው። በ19 ድንጋዮች መካከል ሁለት ሁለቱን የሚያገናኙ 171 መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ መስመር አንዱ ጫፉ ወደ ምሥራቃዊው የአድማስ ግማሽ ያመለክታል፤ ያም ግማሽ 180 ዲግሪ ነው። በአማካይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ መስመር ሊደርሰው ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ሰባት ከዋክብት ይቅርና ሰባት ዛፎች ብንመርጥ፣ ወደ እያንዳንዳቸው የሚያመለክት መስመር ማግኘታችን የታወቀ ነው። ናብታ ሁለት መስመር ብቻ አሳይታን ሳለ፣ ይህኛው ሥፍራ የፈለግነውን ሁሉ ያሳየናል። የፈለጉትን ሁሉ የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ዕድሜው ነው። በኋላ በቱርካና ምዕራብ በተደረጉ ቁፋሮዎች እንዲህ ያሉ የዓምድ ሥፍራዎች ከአራት እስከ አምስት ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸው ታወቀ። በሎታጋም ሰሜን የተቆፈረው ሥፍራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተቀበሩበት የጥንት ከብት አርቢዎች መካነ መቃብር ሆኖ ተገኘ። የዕድሜው ለውጥ ለከዋክብቱ ሐሳብ ከባድ ነው። የምድር ዛቢያ አቅጣጫውን ቀስ እያለ ስለሚለውጥ ከዋክብት በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይዛወራሉ። በሁለት ሺህ ዓመት ልዩነት የመውጫ ቦታቸው በብዙ ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። የፀሐይ መመለሻ ግን በዚያው ዘመን ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ የከዋክብት መስመር ያለ አስተማማኝ ዕድሜ ዋጋ የለውም፤ የፀሐይ መስመር ግን ዕድሜው በሺህ ዓመት ቢሳሳት እንኳ ሊመረመር ይችላል።

ድንጋይ የሌለው ዕውቀት

እንግዲህ የቦረና ዘመን ቆጠራ ሐሰት ሆነ ማለት ነውን? በፍጹም። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸውታል። አያንቱ የሚባሉት የቦረና ሊቃውንት ጨረቃን ከተመረጡት ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ወሩንና ቀኑን ይናገራሉ፤ 27 የቀን ስሞችንም በተራ ይቆጥራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በዓይናቸውና በትዝታቸው ነው። ዕውቀቱ እውነት ነው፤ ያልተረጋገጠው ዓምዶቹ የዚያ ዕውቀት ናቸው የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጊዜ የምወስደው ስህተቱ ሁለት ወገን ስላለው ነው። በአንድ በኩል፣ በሀገራችን ቋሚ ድንጋይ ባየን ቁጥር የሰማይ መሣሪያ ነው ብንል፣ ድንጋዩን ካቆሙት ሰዎች የራሳቸውን ሐሳብ እንነጥቃለን። የጢያ ትክል ድንጋዮች ከመቃብር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሞቱትን ለማሰብ የቆመ ድንጋይ የፀሐይ መለኪያ ካልሆነ ክብሩ ይጎድላል ያለ ማን ነው? በሌላ በኩል ደግሞ የሰማይ ዕውቀት የነበረው ድንጋይ ያቆመ ብቻ ነው ብንል፣ አያንቱንም፣ በግእዝ ስድስቱን በሮች ጠብቀው ያቆዩትንም ሊቃውንት ከታሪክ እናወጣለን። እጅግ የጠራ የወቅት ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ለአርኪኦሎጂ የሚሆን አንዳች ነገር ሳይተዉ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጠጠሮቹ ተቆጥረው ይበተናሉ፣ ካስማውም ይነቀላል።

ሥፍራውም ራሱ ዘላለም አይጠብቀንም። የናብታ ክብ በጎብኚዎች ከተነካካ በኋላ ድንጋዮቹ ተነሥተው በአስዋን ወዳለው የኑቢያ ሙዚየም ተወስደዋል። ድንጋዩ ተርፏል፤ ነገር ግን የዲግሪ ማስረጃ ያለው ድንጋዩ ከቆመበት መሬት ጋር ነው። ዛሬ ማንም ሰው ወደ ሥፍራው ሄዶ ያንን 62 ዲግሪ በራሱ ሊለካ አይችልም፤ የቀረን ከመነሣቱ በፊት የተሠራው ካርታ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምተወው የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቋሚ ድንጋዮች ስታገኙ አንዱንም ሳትነኩ አቅጣጫቸውን ከእውነተኛው ሰሜን ለክታችሁ መዝግቡ። ከመለካታችሁ በፊት የትኛውን መስመር እንደምትመረምሩ፣ ምን ያህል ስህተት እንደምትቀበሉ ጻፉ። በሁሉም ድንጋዮች መካከል ስንት መስመር እንዳለ ቁጠሩ፤ ከእነዚያ ውስጥ በአጋጣሚ ስንቱ ሊገጥም እንደሚችል አስሉ። በመጨረሻም ያ ቀን በዚያ ሥፍራ ለሚኖር ሰው ምን ያደርግለት እንደነበር ጠይቁ። በናብታ መልሱ ዝናብ ነበር።

ቀን መርጣችሁ ኅዳር 2 ማለዳ ላይ ከዚህ ከተማ ወጣ ብላችሁ አንድ ካስማ ትከሉ። ጥር 22 ገደማ ስትመለሱ ፀሐይ እዚያው ላይ ስትወጣ ታገኟታላችሁ፤ የጥንቱ ሰው ምን ያህል ሊያውቅ ይችል እንደነበርም ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትናገራላችሁ።